ከሁለት ዓመት በኋላ የሚከፈል 450,000 ብር ዛሬ ስንት ነው?

ሐዋሳ ውስጥ አሮጌ ገበያ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ያላት አንዲት ሴት ባጃጇን ልትሸጥ ነው እንበል። ሁለት ገዢዎች መጥተዋል። አንደኛው ነጋዴ ነው፤ 360,000 ብር ዛሬውኑ በባንክ አስተላልፎ ባጃጁን ይዞ መሄድ ይፈልጋል። ሁለተኛው ባጃጁን ሲያሽከረክርላት የኖረው ወጣት ነው። «እትዬ፣ አሁን በእጄ ገንዘብ የለም፤ ሁለት ዓመት ቢታገሱኝ 450,000 ብር በአንድ ጊዜ እከፍልዎታለሁ» ይላታል። ሁለቱም ባጃጁን የሚረከቡት ዛሬ ስለሆነ የዕለት ገቢው በሁለቱም በኩል ይቀርባታል። ስለዚህ ማነጻጸር ያለባት ገንዘቡን ብቻ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ 450,000 ከ360,000 በ90,000 ብር እንደሚበልጥ አይቶ ወደ ሾፌሩ ያዘነብላል። ሌላው ደግሞ «በእጅ ያለ ይሻላል» ብሎ ነጋዴውን ይመርጣል። ሁለቱም ሳያሰሉ ነው የወሰኑት። አንዱ ገንዘብ ዛሬ የሚገኝ፣ ሌላው ከሁለት ዓመት በኋላ የሚገኝ ስለሆነ ቁጥሮቹን እንዳሉ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር አይቻልም። አስቀድሞ ሁለቱን ወደ አንድ ቀን ማምጣት ያስፈልጋል። የወደፊቱን ክፍያ ወደ ዛሬ ስናመጣው የምናገኘው ቁጥር የአሁን ዋጋ ይባላል። ከዚህ በታች ያለው ይህንን ቁጥር ከአንድ ነጠላ ክፍያ ላይ እንዴት እንደምናገኝ፣ በየት በኩል እንደምንሳሳትና ስህተቱን በምን እንደምንለየው ነው።

መጀመሪያ ወደፊት እንሂድ

ወደ ኋላ ከመመለሳችን በፊት ገንዘብ ወደፊት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ማየት ይሻላል፤ ይህ ከገባን ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። 100 ብር በዓመት 10 በመቶ በሚያስገኝ ቦታ ብናስቀምጥ ከአንድ ዓመት በኋላ 110 ብር ይሆናል። ይህን ለማግኘት 100ን በ1.10 አባዛን። 1 የሚለው ዋናውን ገንዘብ፣ 0.10 የሚለው ወለዱን ይወክላል። ገንዘቡን ሳንነካው ሁለተኛውን ዓመት ብንተወው 10 በመቶው የሚታሰበው በ100 ሳይሆን በ110 ላይ ነው። ስለዚህ 110 በ1.10 ተባዝቶ 121 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት የተጨመረው 11 ብር ነው። አንዷ ትርፍ ብር የመጣችው የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ራሱ ስለወለደ ነው።

እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ማባዛቱ በየዓመቱ መደጋገሙ ነው። ሁለት ዓመት ማለት ሁለት ጊዜ በ1.10 ማባዛት፣ ሦስት ዓመት ማለት ሦስት ጊዜ ማባዛት ነው።

አሁን መንገዱን እንመለስ

ጥያቄውን እናዙረው። ከሁለት ዓመት በኋላ 121 ብር እንዲኖረኝ ዛሬ ስንት ማስቀመጥ አለብኝ? መልሱን አስቀድመን አውቀነዋል፤ 100 ብር ነው። ወደፊት የሄድነው በማባዛት ከሆነ የምንመለሰው በማካፈል ነው። 121 ለ1.10 ሲካፈል 110፣ 110 ለ1.10 ሲካፈል 100 ይሆናል።

በሾፌሩ 450,000 ብር ላይ ይህንኑ እናድርግ። ለጊዜው ምጣኔው 10 በመቶ ነው ብለን እንያዝ፤ ለምን 10 እንደሆነ በኋላ እንመረምራለን።

ከሁለት ዓመት በኋላ 450,000 ብር አለ። አንድ ዓመት ወደ ኋላ ስንመለስ 450,000 ለ1.10 ተካፍሎ 409,091 ብር ይሆናል። ሌላ አንድ ዓመት ስንመለስ 409,091 ለ1.10 ተካፍሎ 371,901 ብር ይሆናል። የሾፌሩ ቃል የአሁን ዋጋ ይህ ነው። ትርጉሙም፦ ባለሱቋ 10 በመቶ የሚያስገኝ ቦታ ካላት፣ ዛሬ 371,901 ብር መቀበልና ከሁለት ዓመት በኋላ 450,000 ብር መቀበል ለእርሷ እኩል ናቸው።

በስልክ ካልኩሌተር ለመሥራት 450000 ጽፎ በ1.1 ማካፈል፣ በተገኘው ላይ እንደገና በ1.1 ማካፈል ብቻ ነው። ክፍያው ከአምስት ዓመት በኋላ ቢሆን አምስት ጊዜ ማካፈል ነው። ይህ ሲሰለች በአጭሩ የሚጻፍበት መንገድ አለ፤ የወደፊቱን ክፍያ F፣ ዓመታዊ ምጣኔውን r፣ የዓመቱን ቁጥር n ካልነው የአሁኑ ዋጋ P እንዲህ ይገኛል፦

```
P = F / (1 + r)^n
```

n ርቢው ነው፤ ስንት ጊዜ እንደምናካፍል የሚናገር ቁጥር ብቻ ነው። ቀመሩ ሁለት ጊዜ ከማካፈል የተለየ ምንም አያደርግም።

መልሱን ባገኛችሁ ቁጥር በማባዛት ወደፊት መልሱት። 371,901 በ1.10፣ ከዚያም እንደገና በ1.10 ሲባዛ 450,000 ካልመጣ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል። ይህ ማረጋገጫ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ቀጥሎ የምናየውን ስህተት ግን ሁልጊዜ ይይዘዋል።

መቀነስ ማካፈል አይደለም

ጀማሪዎች ከሁሉም በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። አንድ ሰው እንዲህ ያስባል፦ «በዓመት 10 በመቶ፣ ሁለት ዓመት፣ ስለዚህ 20 በመቶ። ከ450,000 ላይ 20 በመቶ ልቀንስ»። የ450,000 ሃያ በመቶ 90,000 ነው፤ ሲቀነስ 360,000 ይቀራል። በአጋጣሚ ይህ ነጋዴው ዛሬ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ገዢዎች ምንም ልዩነት የላቸውም ብሎ ይደመድማል።

ማረጋገጫውን እንጠቀም። 360,000 ብር በ10 በመቶ ሁለት ዓመት ቢቀመጥ መጀመሪያ 396,000፣ ከዚያም 435,600 ብር ይሆናል። ወደ 450,000 አልደረሰም፤ 14,400 ብር ይጎድለዋል። ሁለቱ ገዢዎች እኩል አይደሉም ማለት ነው።

ስህተቱ የመጣው 10 በመቶው ከየትኛው ገንዘብ ላይ እንደሚታሰብ ባለመለየት ነው። ወለድ የሚታሰበው መጀመሪያ ላይ ባለው ትንሹ ገንዘብ ላይ ነው። ከመጨረሻው ትልቅ ገንዘብ ላይ 10 በመቶ ስንቀንስ ግን ከሚገባው በላይ እንቀንሳለን። 110 ብር ላይ 10 በመቶ ብንቀንስ 99 ብር ይቀራል፤ የተነሳነው ግን ከ100 ነበር።

የዚህ ስህተት ሌላ መልክም አለ። በየዓመቱ 10 በመቶ እየቀነሱ መሄድ፣ ማለትም 450,000ን ሁለት ጊዜ በ0.90 ማባዛት፣ 364,500 ብር ይሰጣል። ወደ ትክክለኛው ቀረብ ይላል፤ ነገር ግን አሁንም ያንሳል። በተቃራኒው ደግሞ ሁለቱን ዓመት ደምሮ አንድ ጊዜ ለ1.20 የሚያካፍል 375,000 ያገኛል፤ የወለድን ወለድ ስለረሳው ከትክክለኛው ይበልጣል። ዓመታቱ በበዙ ቁጥር እነዚህ ልዩነቶች እየሰፉ ይሄዳሉ። በአሥር ዓመት ክፍያ ላይ 10 በመቶን አሥር ጊዜ ደምሮ የሚቀንስ ሰው መቶ በመቶ ቀንሶ ዋጋው ዜሮ ነው ሊል ነው፤ ይህም መንገዱ ስህተት እንደሆነ ከምንም በላይ ያሳያል።

ምጣኔው ከየት ይመጣል?

እስካሁን የሠራነው ሒሳብ አንድ ካልኩሌተር ያለው ሁሉ የሚሠራው ነው። ውሳኔውን የሚያዞረው ግን የምንመርጠው ምጣኔ ነው። በ10 በመቶ የሾፌሩ ቃል 371,901 ብር ስለሚያወጣ ከነጋዴው ይበልጣል። ምጣኔውን 15 በመቶ ብናደርገውስ? 450,000 ለ1.15 ሲካፈል 391,304፣ እንደገና ለ1.15 ሲካፈል 340,265 ብር ይሆናል። አሁን ነጋዴው በለጠ። ክፍያው ያው፣ ቀኑም ያው ነው፤ ምርጫው ግን ተገለበጠ።

ስለዚህ «ትክክለኛው ምጣኔ ስንት ነው?» የሚለው የሁሉ ነገር ቁልፍ ነው። መልሱ ከጋዜጣ የሚገኝ አይደለም። የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህች ባለሱቅ 360,000 ብሩን ዛሬ ብታገኝ ምን ታደርግበታለች? ያ የምታደርገው ነገር በዓመት የሚያስገኝላት ትርፍ ነው ምጣኔዋ።

ገንዘቡን በባንክ በጊዜ ገደብ የምታስቀምጥ ከሆነ፣ ባንኩ የሚሰጣት ወለድ ግብር ተቀንሶ የሚቀረው ምጣኔዋ ነው። ዕዳ ካለባትና በገንዘቡ ዕዳዋን የምትከፍል ከሆነ የዕዳው ወለድ ምጣኔዋ ነው፤ ምክንያቱም የምታድነው እርሱን ነው። ዕቃ ገዝታ በሱቋ የምትሸጥበት ከሆነ ደግሞ ከዚያ ዕቃ የምታገኘው ዓመታዊ ትርፍ ነው። ወለድ የማይቀበሉ፣ ገንዘባቸውን ከወለድ ነፃ በሆነ መንገድ የሚያንቀሳቅሱ ሰዎችም ሒሳቡን ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ በወለዱ ቦታ ከንግዳቸው የሚጠብቁትን ትርፍ ያስገባሉ።

ብዙ ሰው የሰማውን ቁጥር ይወስዳል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ ምጣኔ ይፋ አድርጓል። ይህ ግን በብሔራዊ ባንክና በንግድ ባንኮች መካከል ለሚደረግ ግብይት መሪ የሆነ ቁጥር ነው፤ የባለሱቋ ቁጥር አይደለም። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ደግሞ ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ተደርጓል። እርሱም ቢሆን የወለል ቁጥር ነው፤ በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ገንዘብ ከዚያ በላይ ሊያስገኝ ይችላል። ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ ነገር ግን እርሷ ገንዘቡን የምታውልበትን ቦታ አይነግሩንም።

የእኛን ባለሱቅ ጉዳይ በዝርዝር እንየው። የሱቁን ዕቃ ለመሙላት የተበደረችው 200,000 ብር አለባት፤ ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ነው፤ ዋናውም ወለዱም ከሁለት ዓመት በኋላ ይጠቃለላል፤ ቀድማ ብትከፍል ቅጣት የለውም። 360,000 ብሩን ብታገኝ መጀመሪያ ይህን ዕዳ ትዘጋለች፤ የቀረውን 160,000 ብር ባንክ በ10 በመቶ ታስቀምጣለች። እንግዲህ ምጣኔዋ 10 ነው ወይስ 15? አንዱንም ብቻ አይደለም። 200,000ው 15 በመቶ ያድንላታል፤ 160,000ው 10 በመቶ ያመጣላታል። እንዲህ ሲሆን የሚቀለው ወደፊት ማስላት ነው። 200,000 በ15 በመቶ ሁለት ዓመት ሄዶ 264,500 ብር ይሆናል፤ ይህን ያህል ዕዳ ከፊቷ ይነሳል። 160,000 በ10 በመቶ 193,600 ብር ይሆናል። ሲደመር 458,100 ብር ነው። ሾፌሩ በዚያው ቀን የሚሰጣት 450,000 ነው። ስለዚህ የነጋዴው 360,000 ብር ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታይ በ8,100 ብር ይበልጣል።

ይህን ወደ አንድ ምጣኔ መለወጥ ከፈለግን 458,100ን ለ360,000 አካፍለን 1.2725 እናገኛለን፤ ይህ የሁለት ዓመት ዕድገት ስለሆነ በካልኩሌተሩ √ ቁልፍ ስንነካው 1.128 ይሆናል። የእርሷ ምጣኔ በዓመት 12.8 በመቶ አካባቢ ነው ማለት ነው።

ምጣኔውን በትክክል መወሰን የሚከብድበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ያለ ትርፍ ከወር ወር ይለያያል። እንዲህ ሲሆን እኔ የምመርጠው መንገድ ሒሳቡን ከሌላው ጫፍ መጀመር ነው። ሁለቱን ገዢዎች እኩል የሚያደርጋቸው ምጣኔ ስንት ነው? 450,000 ለ360,000 ሲካፈል 1.25 ነው፤ √ ስንነካ 1.118 ይሆናል። 11.8 በመቶ ማለት ነው። አሁን ባለሱቋ «ምጣኔዬ በትክክል ስንት ነው?» ብላ መጨነቅ የለባትም። የምትመልሰው ቀላል ጥያቄ ነው፦ ገንዘቡ ዛሬ በእጄ ቢገባ በዓመት ከ11.8 በመቶ በላይ ያስገኝልኛል ወይስ በታች? በላይ ከሆነ ነጋዴው፣ በታች ከሆነ ሾፌሩ። √ ቁልፉ የሚሠራው ግን ክፍያው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሆን ብቻ ነው፤ ለሌላ ጊዜ ርዝመት ምጣኔዎችን እየቀያየሩ መሞከር ይቻላል።

ስለ ዋጋ ንረት የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ወለዱን ካሰብኩ በኋላ የዋጋ ንረቱንም ልቀንስ?» ይላሉ። አይቀነስም። 450,000 ብር ቁጥሩ የተቆረጠ ገንዘብ ነው፤ የባንክ ወለድም በዚያው ብር የሚከፈል ነው። ኑሮ ቢወደድ በባንክ የተቀመጠውንም ከሾፌሩ የሚመጣውንም እኩል ያሳንሳቸዋል። ሁለቱን መቀነስ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር ይሆናል። ነገር ግን ባለሱቋ ገንዘቡን በባንክ ሳይሆን ቆርቆሮ ወይም ጤፍ ገዝታ የምታስቀምጥበት ከሆነ፣ የዚያ ዕቃ ዋጋ በዓመት የሚጨምረው ራሱ ምጣኔዋ ይሆናል፤ የዋጋ ንረቱ በዚህ በኩል ይገባል።

ጊዜውና ምጣኔው ይገጣጠሙ

ምጣኔው በዓመት ከሆነ ጊዜውም በዓመት ይቆጠራል። ሾፌሩ ከሁለት ዓመት ይልቅ በ18 ወር እከፍላለሁ ቢል n 18 ሳይሆን 1.5 ነው። ርቢ ለሌለው ካልኩሌተርም ዘዴ አለው፦ 450,000ን አንድ ጊዜ ለ1.10 ማካፈል፣ ቀጥሎ ለ1.10 √ ማለትም ለ1.0488 ማካፈል። 390,053 ብር አካባቢ ይመጣል። ከ371,901 ጋር ስናነጻጽረው ስድስት ወር መቅደሙ 18,000 ብር ገደማ ዋጋ አለው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን ስላለች ውል ላይ ወር ከመቁጠር ቀኑን መጻፍና በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ለ365 ማካፈል ይሻላል።

በወር የሚነገር ወለድ ሲያጋጥም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «በወር 2 በመቶ» የሚል አበዳሪ በዓመት 24 በመቶ የሚጠይቅ ይመስላል። ያልተከፈለው ወለድ በየወሩ በዋናው ላይ እየታከለ ከሄደ ግን 1.02 አሥራ ሁለት ጊዜ ሲባዛ 1.268 ስለሚሆን፣ የዓመቱ 26.8 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ ዕዳ ያለባት ሰው ሾፌሩን ሁለት ዓመት ብትጠብቀው፣ 450,000ው ዛሬ የሚያወጣላት 279,775 ብር ብቻ ነው። ዕዳው የ200,000 ብር ብቻ ከሆነ ግን እንዳየነው ይህ ቁጥር የሚመለከተው ያንን ያህሉን ገንዘብ ነው።

በኮምፒውተር ሲሠራ

ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ የሚጠቀም ሰው ከሁለቱ አንዱን ይጽፋል፤ መልሳቸው አንድ ነው፦

```
=450000/(1+10%)^2
=PV(10%,2,0,-450000)
```

ለጀማሪ የመጀመሪያውን እመክራለሁ፤ ምን እየተሠራ እንደሆነ ይታያል። በሁለተኛው ውስጥ ያለችው 0 «በየዓመቱ የሚከፈል ነገር የለም» ማለት ነው። እርሷን ረስቶ `=PV(10%,2,-450000)` የሚጽፍ ሰው ኮምፒውተሩ 450,000 በዓመት አንዴ ለሁለት ዓመት የሚከፈል ይመስለውና 780,992 ብር ያወጣል። ይህን ለመለየት ማሽን አያስፈልግም፦ ምጣኔው ከዜሮ በላይ ከሆነ የአሁን ዋጋ ከወደፊቱ ክፍያ ሊበልጥ አይችልም። ከ450,000 የሚበልጥ መልስ ካያችሁ አቁሙና የጻፋችሁትን አንብቡ።

በሌላው ጫፍ ደግሞ 10% ወይም 0.10 በመጻፍ ፋንታ 10 ብቻ የጻፈ ሰው 3,719 ብር ያገኛል። ኮምፒውተሩ አንድ ሺህ በመቶ ነው የተረዳው። ሁለት ዓመት ብቻ ለሚጠበቅ ክፍያ ዋጋው እንዲህ ከወደቀ ስህተቱ ምጣኔው የተጻፈበት ቦታ ላይ ነው።

ሾፌሩ ባይከፍልስ?

እስካሁን ያሰላነው የመጠበቅን ዋጋ ብቻ ነው። 10 በመቶው የመጣው ከባንክ ስለሆነ፣ ሾፌሩን እንደ ባንክ አስተማማኝ አድርገን ቆጥረነዋል። ወጣቱ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ባጃጅ ይጋጫል፣ ሰው ይታመማል፣ ሥራ ይቀዘቅዛል።

ሌላ ዕዳ የሌለባትን፣ ምጣኔዋ 10 በመቶ የሆነውን ባለሱቅ እንውሰድ። የሾፌሩ የአሁን ዋጋ 371,901፣ የነጋዴው 360,000 ነው፤ ልዩነቱ 11,901 ብር። ይህ ልዩነት ከ371,901 ሲታይ 3.2 በመቶ ነው። ትርጉሙ፦ እንደዚህ ካሉ መቶ ሰዎች ውስጥ ሦስቱ ብቻ ሳይከፍሉ ቢቀሩ የሾፌሩ ብልጫ ከሞላ ጎደል ያልቃል፤ አራት ቢቀሩ ነጋዴው ይሻላል። ባለሱቋ ራሷን የምትጠይቀው ይህን ነው፦ በዚህ ልጅ ላይ ያለኝ እምነት ከመቶ 97 ይደርሳል? መያዣ ወይም ዋስ ካለ መልሱ ይለወጣል።

አንዳንዶች ይህን ሥጋት ምጣኔው ላይ ጥቂት በመቶ በመጨመር ይይዙታል። ይህም ይሠራል፤ ግን ሁለቱንም መንገድ በአንድ ላይ መጠቀም አይገባም፤ አንዱ ሥጋት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ጀማሪ የሆነ ሰው ለየብቻ ቢያያቸው ይሻላል፤ የመጠበቅ ዋጋው ስንት፣ የሥጋት ዋጋው ስንት እንደሆነ ተለይቶ ስለሚታየው መደራደር ይችላል።

መንግሥት የሚሸጠው የግምጃ ቤት ሰነድ ይህንኑ በሌላ መልክ ያሳያል። በ28፣ በ91፣ በ182 ወይም በ364 ቀን የሚከፈል ሆኖ ሲሸጥ ለብቻው የሚከፈል ወለድ የለውም። ገዢው ላዩ ላይ ከተጻፈው ያነሰ ገንዘብ ይከፍላል፤ ቀኑ ሲደርስ የተጻፈውን ሙሉውን ይቀበላል። ዛሬ የሚከፍለው የዚያ አንድ ክፍያ የአሁን ዋጋ ነው፤ ከፋዩም መንግሥት ስለሆነ በምጣኔው ውስጥ ያለው የአለመክፈል ሥጋት ከግለሰብ ያነሰ ነው።

በቁጥሩ መደራደር

የአሁን ዋጋን ማወቅ «እምቢ» ወይም «እሺ» ለማለት ብቻ አይደለም። ሙሉ ገንዘቡን 15 በመቶ በሚያስገኝ ነገር ላይ የምታውል ባለሱቅ እንበል። የሾፌሩ 450,000 ለእርሷ 340,265 ብር ነው፤ ከነጋዴው በ19,735 ብር ያንሳል። ሆኖም ለዓመታት አብሯት የሠራ ልጅ ነውና በሩን መዝጋት አትፈልግም። ሁለት መልስ ልትሰጠው ትችላለች።

አንደኛው ገንዘቡን መጨመር ነው። 360,000ን ሁለት ጊዜ በ1.15 ስናባዛው 476,100 ብር ይመጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህን ከከፈለ ከነጋዴው ጋር እኩል ነው። ሁለተኛው ጊዜውን ማሳጠር ነው። 450,000ው እንዳለ ሆኖ ቀኑ እስከምን ድረስ ቢቀርብ 360,000 ያወጣል? በኮምፒውተሩ ላይ ርቢውን እየቀያየርን ብንሞክር በ20 ወር 356,490፣ በ19 ወር 360,668 ብር አካባቢ እናገኛለን። ስለዚህ በ19 ወር ውስጥ ከከፈለ 450,000 ይበቃል። «ወይ ሃያ ስድስት ሺህ መቶ ብር ጨምር፣ ወይ አምስት ወር ቀድመህ ክፈል» ብላ ልትመልስለት ትችላለች፤ ሁለቱም ለእርሷ አንድ ናቸው፤ የሚቀለውን እርሱ ይመርጣል።

በ476,100 ከተስማሙ ውሉ ላይ የክፍያው ቀን በግልጽ ይጻፍ፤ «ሁለት ዓመት አካባቢ» የሚል ቃል ሒሳቡን ሁሉ ያፈርሰዋል፤ እያንዳንዱ የዘገየ ወር በ15 በመቶ ምጣኔ ከ4,000 ብር በላይ ያስከፍላታል። ቀድሞ የመክፈል ጉዳይም አብሮ ቢጻፍ ጥሩ ነው። ልጁ ሥራው ቀንቶት አንድ ዓመት እንደሞላ መጥቶ «እትዬ፣ አሁኑኑ ልዝጋው፤ ስንት ይቀንሱልኛል?» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ የቀረው አንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ 476,100ን አንድ ጊዜ ለ1.15 ማካፈል ነው፤ 414,000 ብር። ይህን ተቀብላ ብትለቀው አልተጎዳችም፤ የነጋዴውን 360,000 ብር ተቀብላ አንድ ዓመት በ15 በመቶ ብታሠራውም የሚሆነው ይኸው 414,000 ብር ነውና።